ሽቦ መብራት እንጂ ሸክም አይችልም

ባለፈው እሑድ ፍራንክፈርት የሚኖር ወዳጄ ልጁን ክርስትና አስነስቶ እኔም ከተጠሩት አንዱ ነበርኩ። ሳሎኑ ውስጥ 18 ኪሎ የሚመዝን ቻንደሊየር ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ሕፃናት ይርመሰመሳሉ። ሙያ አያስቀምጥምና ቀና ብዬ ሳይ፣ በጣሪያውና በቆቡ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አየሁ።

«ስትሰቅለው እንዲህ ነበር?» አልኩት።

«የለም፣ ገጥሞ ነበር።»

ልጆቹን አስነስተን፣ መብራቱን ከቫልቮላው አጥፍተን አወረድነው። ሸክሙን ሁሉ የያዘው ሽቦውና ሲሊንግ ሮዙ ነበር። ሲሊንግ ሮዙ ደግሞ በሁለት ቀጫጭን ብሎኖች ልስኑ ላይ ብቻ ተጣብቋል።

ውድ አንባቢያን፣ ሲሊንግ ሮዝ የሽቦ መገናኛ ነው፤ ቆቡም መሸፈኛ ነው። ሸክሙን የሚችለው ኮንክሪቱ ውስጥ የሚገባው የብረት መንጠቆና ከሱ የሚወርደው ሰንሰለት ነው። በአውሮፓ የመብራት ደረጃ ተንጠልጣይ መብራት የሚፈተነው በክብደቱ አራት እጥፍ ለአንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ለወዳጄ ከ72 ኪሎ በላይ የሚችል መንጠቆ፣ ሲጠብቅ በሚሰፋ የብረት ቦልት የሚያዝ ገዛን። ፊሸር የምንለው ፕላስቲክ ለዚህ አይሆንም፤ ቢሳብ ይወጣል፣ እሳት ቢነሳ ይቀልጣል።

ስንሰረስር መጀመሪያ ነጭ የልስን ዱቄት ወጣ፤ ግራጫው ሲመጣ ኮንክሪት ደረስን። የቦልቱ ጥልቀት የሚለካው ከዚያ ነው፤ ልስኑ አይቆጠርም። ድሪሉ ፌሮ ከነካ ቦታ መቀየር ነው። በድንገት ባዶ ውስጥ ከገባ ሶሌታው ቡርቡር ነውና ይህ ቦልት አይሆነውም። ቀዳዳው በደንብ ካልተነፋ ዱቄቱ ቦልቱን ያንሸራትተዋል። ስታጠብቁት ዝም ብሎ የሚሽከረከር ቦልት አልያዘም ማለት ነው።

ከዚያ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና 12 ሊትር ውኃ የያዘ ባልዲ በገመድ አንጠለጠልንበት፤ ከወለሉ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ አድርገን። ባለቤቱ ቡናዋን እያፈላች ትስቅብናለች። ከሰዓት በኋላም ንቅንቅ አላለም።

ሽቦው ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ባለ 40 ዋት ስምንት አምፖል 320 ዋት ነው፤ በ230 ቮልት አንድ አምፔር ተኩል እንኳን አይሞላም፣ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃዋል። ግን ባለ ሦስት መስመር ይሁን፤ አካሉ ብረት ስለሆነ አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ሽቦ ከቻንደሊየሩም ከብረት ቆቡም ይታሰራል። ከጣሪያው የመሬት ሽቦ ካልወረደ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። በሰንሰለቱ ቀለበቶች መሃል ስታሳልፉት ላላ በሉለት። የኛ ሰንሰለት 60 ሳንቲሜትር ሲሆን ሽቦውን 80 ቆረጥነው። የተወጠረ ሽቦ ካያችሁ ሸክም ይዟል።

ቆቡን መጨረሻ ላይ ግዙ። መንጠቆው ከጣሪያው 4 ሳንቲሜትር ወርዶ ነበር፤ መገናኛው ሲጨመር የቀድሞው ቆብ አልበቃውም። ውስጡ 7 ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ገዛንና ሽቦ ሳይጨፈልቅ ከጣሪያው ገጠመ።

ወዳጄ አሁንም በየማታው ቀና እያለ ክፍተቱን ያያል።