«አሁኑኑ ይመዝገቡ» ለሁሉም አይሆንም

ማስታወቂያ ሁሉ «አሁኑኑ ይመዝገቡ» ብሎ ቢያልቅ ሰው ይንቀሳቀሳል የሚለውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጸሐፊው ጥሪውን እንጂ የሚጠራውን ሰው አላየም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህንን እንውሰድ። አባልነቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ምዝገባው የጊዜ ገደብ ስላለው «አሁኑኑ» ማለት ተገቢ ነው። ግን ቆላ ድባ ዙሪያ ያለ የደምቢያ ገበሬ ጤፉን ሳይወቃና ሳይሸጥ መዋጮውን ከየት ያመጣል? በሐምሌ የተለጠፈ «አሁኑኑ» ይነበባል እንጂ አይፈጸምም። በጥር «እስከ ወሩ መጨረሻ መዋጮውንና የቤተሰብዎን ዝርዝር ይዘው ቀበሌ ይምጡ» ቢባል ግን አባወራው የሚያደርገውን ያውቃል።

ሌላው የተለመደ ጥሪ፣ «ቦታዎን ይያዙ»፣ የሚሠራው ወንበሩ በእርግጥ የሚያልቅ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ሠላሳ ሰው ብቻ ለሚቀበል ሥልጠና። መድህን የሚያልቅ ወንበር የለውም። በሐሰት የተጣደፈ ሰው ቀጣዩን ማስታወቂያ አያምንም።

«ይንገሩን» የሚለው ጥሪ ደግሞ የሚያስፈልገው መረጃው ያለው ሰዎቹ ዘንድ ሲሆን ነው። ደምቢያ በ1953 እ.ኤ.አ. ወባ ብዙ ሕዝብ የፈጀበት አገር ነው። እዚህ «በቤትዎ ትኩሳት ያለበት ሰው ካለ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ዛሬውኑ ይንገሩ» የሚለው ጥሪ ሰው ያድናል። «አስተያየትዎን ይንገሩን» ብቻ ሲባል ግን ሰው ለማን፣ ስለ ምን ይናገር?