ደመወዝሽ ስንት ነው? ከተቆረጠ በኋላ ማለታችን ነው

ደመወዛችንን ስንጠየቅ ሁላችንም የምንናገረው እጃችን ገብቶ የማያውቀውን ቁጥር ነው። «አሥራ ሁለት ሺህ» እንላለን። ባንክ ሄደን ስናይ ግን አሥራ ሁለት ሺህ የሚባል ነገር የለም። መንገድ ላይ ቀርቷል።

ባለፈው ቅዳሜ ከመካከላችን አንዷ የደመወዝ ወረቀቷን አጣጥፋ ቡና ላይ ይዛው መጣች። የግል ድርጅት ሠራተኛ ናት፣ የወር ደመወዟ 12,000 ብር። ከጥቂት ወራት በፊት ከመሥሪያ ቤቷ የቁጠባና ብድር ማኅበር 60,000 ብር ተበድራ ነበር። ለወንድሟ ጉዳይ ነበር፣ ዝርዝሩን እንለፈው። አሁን የጠየቀችን «ብሬ የት ነው የሚሄደው?» ብላ ነው። እኛም ቡናውን አቆይተን፣ የስልክ ካልኩሌተር ከፍተን ተቀመጥን።

መጀመሪያ የመንግሥት ድርሻ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የተሻሻለ የገቢ ግብር ሠንጠረዥ ከ10,000 እስከ 14,000 ብር ያለ ደመወዝ በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ብር ይቀነስለታል። የሷ 3,600 ይሆንና 1,350 ሲቀነስ 2,250 ብር ግብር ይመጣል። (በድሮው ሠንጠረዥ ቢሆን 2,700 ነበር፤ 450 ብር ቀሏታል። ይህችን እንኳ ማመስገን ይገባል።) ጡረታ 7 በመቶ፣ 840 ብር። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጡረታው ተቀንሶ ከቀረው ላይ ግብሩ የሚሰላ ይመስለናል። አይደለም፣ ሁለቱም የሚሰሉት ከሙሉው ደመወዝ ነው። ስለዚህ ገና ምንም ዕዳ ሳይነካት 8,910 ብር ላይ ደርሳለች።

ከዚያ የራሷ ጉዳዮች ይመጣሉ። የዩኒቨርሲቲው ወጪ መጋራት 1,200 ብር። የማኅበሩ የወር ቁጠባ 600 ብር። የብድሩ ክፍያ 3,250 ብር። እጇ የሚገባው 3,860 ብር ነው። ከጓደኛዋ ጋር ለተከራየችው ክፍል ድርሻዋን 2,500 ስትከፍል 1,360 ብር ይተርፋታል። በ30 ቀን ብናካፍለው በቀን 45 ብር። ታክሲም፣ ምሳም፣ የስልክ ካርድም ከዚህ ነው።

«ማኅበሩ እንዴት ፈቀደልሽ?» አልናት። የሰጠችን መልስ ቀላል ነበር፣ «ከደመወዜ ሲሶ አይበልጥም አሉኝ»። እውነታቸውን ነው። የ12,000 ሲሶ 4,000 ነው፣ 3,250 ደግሞ ከዚያ በታች። ችግሩ ግን ሲሶው ለእያንዳንዱ ዕዳ ለየብቻ የሚሰጥ መለኪያ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 የሚናገረው በአንድ ጊዜ ከሠራተኛው ደመወዝ ስለሚቀነሰው ገንዘብ ድምር ነው። ድምሩ በምንም ሁኔታ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ሠራተኛው በጽሑፍ ተስማምቶ ሊሆን ይችላል፣ ያ መቀነስን ይፈቅዳል እንጂ ጣሪያውን አያነሳም። አሁን የሷን እንደምር። ግብሩንና ጡረታውን ወደ ጎን ብንተው እንኳ ወጪ መጋራቱ፣ ቁጠባውና ብድሩ አንድ ላይ 5,050 ብር ናቸው። «ቁጠባ የራሷ ገንዘብ ነው፣ አትቁጠሩት» ለሚለን ተከራካሪም 4,450 ይቀራል። በየትኛውም ቆጠራ ከ4,000 አልፏል።

እንዴት አለፈ? ማንም ስላልደመረ ነው። ማኅበሩ የራሱን ብድር ብቻ አየ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ የደመወዟን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎ ሰጠ፣ ፋይናንሱ የመጣለትን ዝርዝር ሁሉ ከፔይሮሉ ላይ ቀነሰ። በደብዳቤው ላይ የተጻፈው 12,000 ነው። የተጣራው ቢጻፍ፣ ከሥሩም ቀድሞ የሚቆረጠው ቢዘረዘር፣ ይህ ብድር በዚህ መልኩ አይጸድቅም ነበር። የእኛ ክርክር ከዚህ አይዘልም። የብድር ደብዳቤ የሚጽፍ አሠሪ ሙሉ ደመወዙን ብቻ ጽፎ ማኅተም መምታቱን ይተው።

ወረቀቱን ስናገላብጥ ሌላ ነገር አገኘን። ማኅበሩ ወለዱ 15 በመቶ ነው ብሏታል፣ ለ24 ወር። 3,250 እንዴት መጣ? የ60,000 ብር 15 በመቶ 9,000፣ ለሁለት ዓመት 18,000፣ ተደምሮ 78,000፣ ለ24 ሲካፈል 3,250። ይህ ቋሚ ወይም «ፍላት» የሚሉት ስሌት ነው። በየወሩ 2,500 ከዋናው ዕዳ፣ 750 ደግሞ ወለድ። በመጀመሪያው ወር ምንም አይከፋም። እስቲ 13ኛው ወር ላይ ቆመን እንየው። 12 ጊዜ 2,500 ከፍላለች፣ ስለዚህ ዕዳዋ 30,000 ብር ብቻ ነው። ወለዱ ግን አሁንም 750። ባለባት ዕዳ ላይ ብናሰላው የዓመት 30 በመቶ ማለት ነው።

ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ቢታሰብ ኖሮ በዚያው በ15 በመቶ፣ በዚያው በ24 ወር፣ የወር ክፍያዋ 2,910 ብር አካባቢ ይሆን ነበር። በወር የ340 ብር ልዩነት፣ በጠቅላላው ከ8,000 ብር በላይ። የቱ ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። የመክፈያ ሠንጠረዡን ጠይቁና የወለድ ዓምዱን ወደ ታች ተከተሉት። እየቀነሰ ከሄደ በቀሪ ዕዳ ነው፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ከሆነ ፍላት ነው። ሠንጠረዥ የለንም ካሏችሁ፣ የወር ክፍያውን በወራቱ ቁጥር አባዙና የተበደራችሁትን ቀንሱ። ወለዱ ከእነተንኮሉ እጃችሁ ላይ ነው።

ልጅቷ ሰኞ ዕለት ፋይናንስ ክፍል ሄደች። መጀመሪያ «ፈርመሽ የለ?» ተባለች። ፈርማለች፣ ግን ያው አዋጅ በአንቀጽ 60 ስለ ደመወዝ መዝገብ ሲናገር ሠራተኛው መዝገቡን የማየትና ማብራሪያ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ገንዘቡን ሳይቃወም ተቀብሎ መፈረሙም ቀሪ ደመወዙን እንደተወ አያስቆጥርበትም። ይህንን በትሕትና ነገረቻቸው (ከእኛ መካከል በትሕትና መናገር የምትችለው እሷ ብቻ ናት)። መዝገቡ ወጣ፣ ተደመረ፣ የሒሳብ ሠራተኛውም ራሱን ነቀነቀ።

ለማኅበሩ ያቀረበችው ጥያቄ በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። ከ4,000 ላይ ወጪ መጋራቱና ቁጠባው ሲነሳ ለብድር የሚቀረው 2,200 ብር ነው። ብድሩ ከመጀመሪያው ለ36 ወር፣ በቀሪ ዕዳ ወለድ ቢታሰብ የወሩ ክፍያ 2,080 ብር ይሆንና ከጣሪያው ሥር ይገባል። በፍላት ከሆነ ግን በ36 ወርም 2,417 ብር ስለሚመጣ አይገባም። ጊዜው መርዘሙ በነፃ አይደለም። በቀሪ ዕዳ ስሌት የ24 ወሩ ጠቅላላ ወለድ 9,800 ብር ገደማ ሲሆን የ36ቱ 14,900 ይጠጋል። ታውቀዋለች። ግን በየወሩ እጇ የሚገባው ከ3,860 ወደ 5,030 ብር ይወጣል፣ ለእሷም አሁን የሚበልጠው ያ ነው።

የማኅበሩ ኮሚቴ የሚሰበሰበው ወር ሲያልቅ ነው። የዚህ ወር ፔይሮል ደግሞ ቀድሞ ተዘግቷል፣ ስለዚህ አሁንም 3,860 ብር ነው የሚገባላት። የቤት ኪራዩን ጓደኛዋ ልትሸፍንላት ተስማምታለች። በወረቀት አልተፈራረሙም።