ቪው አይቼ ልሳሳት ነበር

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። በተለይ ዩቲዩብ ላይ የምታስተምሩ፣ ቻናል የከፈታችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

እንደምታውቁት ከቢስቲማ ሆኜ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ በቪዲዮ እሠራለሁ። ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰሌዳ ላይ ምዕራፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማስረዳበት፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ የሚሄድ ነው። ሁለተኛው አንድ የፈተና ጥያቄ ይዤ የምፈታበት፣ ከ6 እስከ 9 ደቂቃ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሾርት ነው፤ ከአንድ ደቂቃ በታች።

ለዚህ ያለኝ ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ እሱም ይቀንሳል። ልጆቼም አባታቸውን ይፈልጋሉ። ስለዚህ በዚህ ወር አንዱን ተከታታይ ላቆም ወሰንኩ። አንድ ጓደኛዬ «ሾርቱ ነው ቪው የሚያመጣው፣ ሌላውን ተወው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልተው ነበር፤ ቁጥሩ ያሳስታላ! ከመተዌ በፊት ግን ቪዲዮዎቼን በቡድን ከፋፍዬ አየኋቸው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ኮምፒውተር ላይ studio.youtube.com ትከፍታላችሁ፣ Analytics ውስጥ ገብታችሁ Advanced mode ትነካላችሁ። ከላይ በግራ በኩል የቻናላችሁን ስም ስትነኩ Groups የሚል ይመጣል። እዚያ አዲስ ቡድን ፈጥራችሁ፣ ስም ሰጥታችሁ፣ ቪዲዮዎቹን እየመረጣችሁ ታስገባላችሁ። አንድ ቪዲዮ በሁለት ቡድን ሊገባ ይችላል። ዋናው ነገርም ይሄ ነው፤ እኔ መጀመሪያ በአቀራረብ ከፋፈልኩ (ሰሌዳ፣ ጥያቄ፣ ሾርት)፣ ቀጥሎ ያንኑ ቪዲዮ በርዕስ (ሎጋሪዝም፣ ኮኦርዲኔት ጂኦሜትሪ፣ ሌላ)። ሁለቱን ብትቀላቅሉ «ሎጋሪዝም ተወዷል» ትላላችሁ፤ የተወደደው ግን ርዕሱ ይሁን አጭርነቱ አታውቁም።

ሁለተኛ ጥንቃቄ ጊዜው ነው። ሁለት ዓመት የቆየ ቪዲዮና ትናንት የተለቀቀን ማወዳደር፣ የ12ኛ ክፍልን ልጅ ከ9ኛው ጋር ቁመት ማለካካት ነው። እኔ የቆጠርኩት ከ2018 መስከረም 1 በፊት የወጡትን 46 ቪዲዮዎች ብቻ ነው። የቆጠርኩበትም ጊዜ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 30 ነው፤ ስቱዲዮው የፈረንጅ ቀን ስለሚጠይቅ September 11 እስከ March 9 ብዬ ሞላሁ። ሁሉም እኩል ስድስት ወር አገኙ ማለት ነው።

እንግዲህ ውጤቱን ስሙ። 20 ሾርቶች 31,000 ቪው አመጡ። 14 የጥያቄ ቪዲዮዎች 6,300። 12 የሰሌዳ ትምህርቶች 2,400። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ጓደኛዬ ትክክል ነበር።

ግን ቪው ምንድን ነው? ከመጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ዩቲዩብ የሾርትን ቪው የሚቆጥረው ቪዲዮው መጫወት እንደጀመረ ነው። በጣቱ እየገፋ ያለፈውም ይቆጠራል። ረጅሙ ቪዲዮ ላይ እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ የሁለቱን ቪው ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብርና ሳንቲምን እንደ አንድ መቁጠር ነው። እኔ የወሰድኩት Watch time የሚለውን፣ ሰው በትክክል የተመለከተበትን ሰዓት ነው። ሾርት 120 ሰዓት፣ ጥያቄ 420 ሰዓት፣ ሰሌዳ 240 ሰዓት ሆነ።

አሁን ደግሞ ስቱዲዮው የማያውቀውን እኔ ጨመርኩ፤ የራሴን ድካም። አንድ ሾርት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል። አንድ ጥያቄ 3 ሰዓት። አንድ የሰሌዳ ትምህርት ከዝግጅቱ እስከ ኤዲቲንጉ 9 ሰዓት። ስናባዛው ሾርት 30፣ ጥያቄ 42፣ ሰሌዳ 108 ሰዓት በላኝ። ስናካፍለው፣ እኔ ለደከምኩበት አንድ ሰዓት ተማሪ የተመለከተው በሾርት 4 ሰዓት፣ በጥያቄ 10 ሰዓት፣ በሰሌዳ 2.2 ሰዓት ነው። ሾርቱ የመሰለንን ያህል አይደለም ማለት ነው። ሰሌዳው ደግሞ ከሁሉም ባሰ፤ ከሥራ ጊዜዬ ግማሹን በልጦ የወሰደው እሱ ነው!

እዚህ ጋ ደስ ብሎኝ ልዘጋው ስል በርዕስ የከፈልኩትን አየሁ። ከጥያቄዎቹ 420 ሰዓት ውስጥ 270ው የሎጋሪዝም ነው፤ አምስት ቪዲዮ ብቻ። «በቃ፣ ሎጋሪዝም ላይ ዘመቻ!» አልኩ። ዘርዝሬ ሳይ ግን ከአምስቱ አንዱ ብቻውን 170 ሰዓት አለው። ምን እንደሆነ ሳጣራ አንድ ሰው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አጋርቶት ነው። እሱን ሳወጣ የቀሩት አራቱ 100 ሰዓት፣ በአማካይ 25 ሰዓት ናቸው። የኮኦርዲኔት ጂኦሜትሪ አራቱም 100 ሰዓት፤ ያው 25። ሁለቱ እኩል ናቸው። ሌሎቹ አምስት ርዕሶች ግን አማካያቸው 10 ሰዓት ነው።

አንድ ጎበዝ ተማሪ የክፍሉን አማካይ ከፍ እንደሚያደርገው ማለት ነው። መምህራን ይሄን እናውቃለን፣ የራሳችን ጉዳይ ሲሆን ግን እንረሳዋለን። ስለዚህ ቡድን ስትሠሩ ውስጡን ዝርዝሩን እዩ፤ ከሌሎቹ የራቀ አንድ ቪዲዮ ካለ አውጥታችሁ እንደገና አስሉ። እኔም ያንን ቪዲዮ አውጥቼ ጥያቄውን እንደገና አካፈልኩት፤ 250 ለ39፣ 6.4 ሆነ። ከ10 ወረደ፣ ሆኖም አሁንም ሾርቱን ይበልጣል። ውሳኔው ያልተናወጠ መሆኑን ያመንኩት ያኔ ነው።

ታዲያ ሰሌዳውን ላቁመው? ቁጥሩ አቁም ይላል። እኔ ግን አላቆምም፤ የምሟገተውም እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ስንት ሰዓት እንደታየ ይነግረኛል፤ ማን እንደሆነ አይነግረኝም። ክፍል ውስጥ ያመለጠውን ምዕራፍ ከሥር ጀምሮ የሚያይ አንድ ልጅና መልስ ብቻ የሚፈልግ ልጅ ስቱዲዮው ላይ እኩል ናቸው። እኛ የፕላዝማ ትውልድ ነን። ቴሌቪዥኑ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ የገባውም ያልገባውም አብሮ ይቀመጣል፤ የት ላይ እንደጠፋን የሚያይልን አልነበረም። ዛሬ ግን ይታያል። የሰሌዳዬ ቪዲዮዎች በአማካይ የታዩት 6 ደቂቃ ነው። የአንድ በአንድ ግራፋቸውን ስከፍት መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ሰላምታዬ ላይ ብዙው ሰው ይወጣል፤ ምሳሌ መሥራት ስጀምር ደግሞ መስመሩ ከፍ ይላል። ወደዚያው እየዘለሉ ይመጣሉ ማለት ነው። ችግሩ ትምህርቱ ሳይሆን እኔ ነኝ፤ አበዛሁት።

ስለዚህ የወሰንኩት ይሄን ነው። ቅዳሜ ለጥያቄ ነው፤ ሎጋሪዝምና ኮኦርዲኔት ጂኦሜትሪ ይቀድማሉ። አንዱን የሰሌዳ ምዕራፍ በሦስት እቆርጠዋለሁ፣ ሰላምታው ይቀራል፣ በምሳሌ እጀምራለሁ፤ ለእሱ በወር አንድ እሁድ። ሾርት ለብቻው አልቀርጽም፤ ከጥያቄው ላይ ቆርጬ እለቃለሁ። የተቆረጡትንም በአዲስ ቡድን አስገብቼ ከስድስት ወር በኋላ በዚሁ ሒሳብ አያቸዋለሁ። ያኔም ሰሌዳው ካልተሻሻለ በአደባባይ ተሳስቻለሁ እላለሁ።

እናንተስ፣ አንድ ቪዲዮ ስንት ሰዓት ይፈጅባችኋል? ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ካልቆጠራችሁ ከዛሬ ጀምሩ፤ ስቱዲዮው የማይቆጥርላችሁ እሱን ብቻ ነው። ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አብሽሩ!