ሊፕስቲክ ቀይሩ ሲባሉ ፊት የሚያነጡ ፎቶ ቤቶች

በሆሳዕና መናኸሪያ አካባቢ ባለ ፎቶ ቤት በር ላይ የሚሰቀል የሙሽራ ወይም የምረቃ ፎቶ ከሩቅ ሲታይ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ከንፈሩ ነው። ሮዝ ነው፣ ግን የሰው ከንፈር አይመስልም፤ ከስቲከር ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ደግሞ ፊቱም የልጅቷ ፊት እንዳልሆነ ይታያል። አንገቷ ጠይም፣ ጉንጯ ነጭ። ይህን ሰው ሁሉ «የነጭ አምሮት» ይለውና ያልፋል፤ ጥፋቱንም በደንበኛዋ ላይ ይጭናል። ደንበኛዋ ግን የጠየቀችው ሌላ ነው፦ ሊፕስቲኩ ከቀሚሷ ጥለት ጋር ስላልሄደ ቀለሙ እንዲቀየርላት ብቻ። ፊቷን አንጡልኝ አላለችም። ነጩ ፊት የመጣው ከኤዲተሩ እጅ ነው፤ መነሻውም ፎቶሾፕ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ምርጫ የሚፈጸም ስህተት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤዲተሩ ከንፈሩን ይመርጣል፣ አዲስ ሌየር ይከፍታል፣ ብሩሹን ሮዝ ቀለም ነክሮ ይቀባል። የሌየሩ ብሌንድ ሞድ Normal ነው። Normal ማለት ከላይ ያለው ቀለም የታችኛውን ይሸፍናል ማለት ነው፤ ግድግዳ እንደመቀባት። አንድ ጠይም ከንፈር እንውሰድ። የብርሃን መጠኑ ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ሲለካ የላይኛው ከንፈር 60፣ የታችኛው 90 ነው እንበል። ብርሃን ከላይ ስለሚመጣ የታችኛው ከንፈር ብዙ ጊዜ ይፈካል፤ ዓይን ከንፈር ክብ ሥጋ መሆኑን የሚያውቀው በዚህ የ30 ልዩነት ነው። በዚህ ላይ የብርሃን መጠኑ 167 የሆነ ፈዛዛ ሮዝ በNormal 80 በመቶ ሲቀባ የላይኛው 146፣ የታችኛው 152 ይሆናል። 30 የነበረው ልዩነት 6 ቀረ። ከንፈሩ ጠፍጣፋ ሆነ፤ «የተቀባ» የሚያስመስለው ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ይብሳል። ፊቱ 90 እና 100 አካባቢ ሆኖ ከንፈሩ 150 ላይ ሲወጣ ምስሉ አይገጥምም። ኤዲተሩም ይህን ያያል፣ ዓይኑ ልክ ነው። መፍትሔው ግን ከንፈሩን መመለስ ሳይሆን ፊቱን ወደ ከንፈሩ ማንሳት ይሆናል። ሮዙ ፊቱን ይዞት ወጣ። አንገት ስለማይታወስ ጠይም ሆኖ ይቀራል።

ለምን Color የሚባለውን ሞድ አይጠቀሙም? ብዙዎቹ ያውቁታል፣ ሞክረውታልም። በቪዲዮ የሚታየው ትምህርት «ሌየሩን Color አድርግ፣ አለቀ» ይላል። Color የሚሠራው ከላይ ካለው ሌየር የቀለሙን ዓይነትና ድምቀት ወስዶ፣ የብርሃኑን መጠን ከታችኛው ፎቶ በማስቀረት ነው። ጥላው፣ የከንፈሩ ስንጥቅ፣ የላይና የታች ልዩነት ሁሉ ሳይነካ ይቀራል። ችግሩ በቪዲዮው ላይ ያለችው ሞዴል ብዙ ጊዜ ፈዛዛ ከንፈር ያላት መሆኗ ነው። የእሷ ከንፈር ራሱ 150 እና 160 ስለሆነ ሮዙ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። እዚህ ግን ያው ሮዝ፣ በቁጥር 240፣ 130፣ 170 የሆነው፣ የብርሃን መጠኑ 76 በሆነ ከንፈር ላይ በColor ሲያርፍ 149፣ 39፣ 79 ሆኖ ይወጣል፤ ማለትም ጠቆር ያለ የእንጆሪ ቀለም። ኤዲተሩ «አልሠራም» ብሎ ወደ Normal ይመለሳል። ሠርቶ ነበር እኮ! ከንፈሩ ጠይም መሆኑን ነው የነገረው። ኮዳክም ለብዙ ዓመታት የቀለም ፎቶ ሕትመትን የሚያስተካክለው ነጭ ሴት ባለችበት ካርድ ነበር፤ ልማዱ ከፊልም ወደ ቪዲዮ ተሻገረ እንጂ አልጠፋም።

ፈዘዝ ያለ ቀለም የግድ ከተፈለገ መንገድ አለ። ከColor ሌየሩ በታች በዚያው የከንፈር ማስክ አንድ Curves ይቀመጥና መሃሉ በትንሹ ይነሳል፦ 76 የነበረው ወደ 100፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ያን ጊዜ ያው ሮዝ 173፣ 63፣ 103 ይሆናል፤ የደመቀ ጽጌረዳ። የላይና የታች ልዩነቱም እንዳለ ይነሳል። 167ን ማሳደድ ግን መቆም አለበት፤ እዚያ የሚደርሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ጸዳሉ ነው። በታችኛው ከንፈር ላይ ብልጭ የምትለው ነጥብ የሊፕስቲኩ ቀለም ሳትሆን የመብራቱ ነጸብራቅ ናት፤ ወደ ነጭ ትጠጋለች። Color እሷንም ሮዝ ስለሚያደርጋት ከንፈሩ ፕላስቲክ ይመስላል። ለዚህ ሌየሩ ሁለቴ ሲነካ የሚከፈተው መስኮት ውስጥ Blend If አለ። Underlying Layer በሚለው መስመር የቀኙ ነጭ ሦስት ማዕዘን Alt ተይዞ ሲጎተት ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ 130፣ ሌላው 180 አካባቢ ሲቀመጥ ቀለሙ ከጸዳሉ ላይ ቀስ ብሎ ይነሳል። Curves የተጨመረበት ምስል ላይ ቁጥሮቹ ከፍ ይላሉ፤ በዓይን መዳኘት ነው። የምርጫው ጠርዝም በሁለት ሦስት ፒክስል ይለስልስ፤ ከንፈር በእስክሪብቶ የተከበበ ነገር አይደለም። ጥርስ ላይ የፈሰሰ ሮዝ ደግሞ ስንቱን የሰርግ አልበም እንዳበላሸ ያየ ያውቀዋል።

አይሻዶ ከዚህ ይለያል። ሊፕስቲክ ቆዳውን ይሸፍናል፣ አይሻዶ ግን ዱቄት ነው፤ ቆዳው በሥሩ ይታያል። ስለዚህ ሰማያዊውን በMultiply ማሳረፍ በጠይም ሽፋሽፍት ላይ ጥቁር ያደርገዋል፣ ዓይኗ የተመታ ይመስላል። በColor መቶ በመቶ ደግሞ ጠመኔ ነው። Color ሆኖ Opacity ወደ 35 ሲወርድ የቆዳው ቡኒና ሰማያዊው ተገናኝተው የደበዘዘ ሐምራዊ ይሰጣሉ፤ እውነተኛው ዱቄትም በዚያ ቆዳ ላይ ወደዚያ ነው የሚያደላው። ጠርዙ ከከንፈሩ በብዙ እጥፍ ይለስልስ፣ ወደ ቅንድቡ ሲወጣ ይጥፋ።

«ጊዜ የለም፣ ደንበኛዋ የዱራሜ መኪና ልትሳፈር ነው» የሚለው መከላከያ ውኃ አይቋጥርም። ከንፈሩን መምረጥ በሁለቱም መንገድ አንድ ዓይነት ሥራ ነው። Normal የሚለውን Color ማድረግ ሁለት ሰከንድ ነው። ጊዜ የሚበላውስ ከዚያ በኋላ ፊቱን ማንጣቱ ነው፤ እሱ ቢቀር መኪናው ላይ ትደርሳለች። ፎቶውንም በቴሌግራም የምትልክ ከሆነ በፋይል መልክ ትላክ፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ስለሚጨመቅ የቀይ ከንፈር ጠርዝ ወደ ቆዳው ይደፈርሳል፣ ኤዲተሩም ያላጠፋውን ይወቀሳል።

ሥራው የተቀባ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ሙያ አያስፈልግም። ከሁሉም በላይ ጥቁር የተሞላ አንድ ሌየር ይደረግና ሞዱ Color ይሁን፤ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ከዚያ የሊፕስቲኩ ሌየር አጠገብ ያለችው የዓይን ምልክት እየተነካች ይብራ፣ ይጥፋ። ከንፈሩ በጥቁርና ነጩ ላይ ካልተንቀሳቀሰ ቀለም ብቻ ነው የተቀየረው። Curves ካለ ትንሽ ይፈካል፣ ቅርጹ ግን አይጠፋም። ጠፍጣፋ ነጣ ያለ ቁራጭ ሆኖ ብቅ ካለ ተቀብቷል። ደንበኛዋም ሂሳብ ከመክፈሏ በፊት «ወንድሜ፣ እስቲ ጥቁርና ነጭ አድርገህ አሳየኝ» ማለት ትችላለች።