ከቃል መካከል የተቆረጠ መልእክት፦ ይሟላ፣ ይጣል ወይስ እንዳለ ይያዝ?

ለቋንቋ፣ ለጤናም ሆነ ለማኅበራዊ ጥናት በሚሰበሰቡ የስልክ የጽሑፍ መልእክቶች ውስጥ ከቃል መካከል ላይ የተቆረጡ ይገኛሉ። ጸሐፊው ቃሉን ጨርሶ ልኳል፤ መስመሩ በመቋረጡ ግን ተቀባዩ ዘንድ የደረሰው ከፊሉ ነው። እንዲህ ያለ ቁራጭ ሲያጋጥም ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ። አንደኛው የጎደለውን በግምት አሟልቶ መመዝገብ ነው፤ ሁለተኛው መልእክቱን «ያልተሟላ» ብሎ ከስብስቡ ማውጣት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለቱም መንገዶች ማስረጃን ያጠፋሉ የሚል ነው። ቁራጩ የጉድለቱ ቦታና መጠን ተመዝግቦለት እንዳለ ሊያዝ ይገባል።

ክርክሩን ለመመዘን በቅድሚያ መልእክት የሚቆረጥበትን ቦታ የሚወስነው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚሸከመው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ ተራ ጽሑፍ እያንዳንዱን ፊደል በ7 ቢት ስለሚያሰፍር በዚህ ቦታ እስከ 160 ፊደላት ይይዛል። የግእዝ ፊደል ግን በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለሌለ እያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ የመልእክቱ ወሰን 70 ፊደላት ይሆናል። ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥብም እንደ ፊደል ይቆጠራሉ። ጽሑፉ ከ70 ካለፈ ስልኩ ወደ ክፍሎች ይከፍለዋል። ተቀባዩ ስልክ ክፍሎቹን መልሶ እንዲገጣጥም በእያንዳንዱ መነሻ ላይ 6 ባይት የሚወስድ ራስጌ ይቀመጣል። በራስጌው ውስጥ የመልእክቱ መለያ ቁጥር፣ የክፍሎቹ ጠቅላላ ብዛትና የክፍሉ ተራ ቁጥር ይገኛሉ። ለጽሑፉ የሚቀረው 134 ባይት፣ ማለትም 67 ፊደላት ነው።

ክፍፍሉ የሚከናወነው በቆጠራ እንጂ በትርጉም አይደለም። 67ኛው ፊደል በቃል መካከል ቢውል ቃሉ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ክፍሎቹ ለየብቻቸው ስለሚጓዙ የመጀመሪያው ከደረሰ በኋላ ተቀባዩ ከኔትወርክ ውጭ ቢሆን ሁለተኛው በመልእክት ማዕከሉ ይቆያል፤ የቆይታ ጊዜው ሲያልፍም ይሰረዛል። አንዳንድ ስልኮች የደረሰውን ክፍል ብቻውን ያሳያሉ። በጥናት ስብስብ ውስጥ የሚገኘውም ይኸው ነው።

ነጥቡን ለማሳየት የተዘጋጀ አንድ ምሳሌ በዝርዝር መመልከት ይጠቅማል። የታማሚ አስታማሚዎች የሚለዋወጧቸውን መልእክቶች የሚያጠና ተመራማሪ የሚከተለውን አገኘ እንበል፤ ራስጌው «ከ2 ክፍሎች 1ኛው» ይላል፦

«ዶክተሩ መድኃኒቱ ጠዋት ከምግብ በኋላ እንዲወሰድ አዝዘው ነበር፤ ነገር ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልወሰደ»

ፊደላቱ ክፍት ቦታን ጨምሮ ሲቆጠሩ ልክ 67 ናቸው። አብዛኛው አንባቢ ያለ ማመንታት «ም» ጨምሮ «አልወሰደም» ብሎ ያነበዋል። አማርኛ አሉታን በግሡ ፊትና ኋላ፣ በ«አል» እና በ«ም»፣ ስለሚያስር ግምቱ ተፈጥሯዊ ይመስላል። ነገር ግን ራስጌው ይህን ግምት ይቃወማል። መልእክቱ በ«አልወሰደም።» ተደምድሞ ቢሆን ኖሮ ጠቅላላ ርዝመቱ 69 ፊደላት ይሆን ነበር፤ 69 ደግሞ በአንድ መልእክት ይበቃል። «አልወሰደችም።» ቢሆንም ርዝመቱ 70 ነው፤ እርሱም አይከፈልም። ስልኩ መልእክቱን ለሁለት የከፈለው ከ70 ስላለፈ ነው፤ ስለዚህ የጎደለው ቢያንስ 4 ፊደላት፣ ቢበዛ 67 ፊደላት ነው። «አልወሰደችውም።» ወሰኑን በአንድ ፊደል አልፎ 71 ስለሚሆን ብቻውን ሊቆም ይችላል። «አልወሰደም» ግን ከኋላው ሌላ ነገር ካልተከተለው በቀር ሊሆን አይችልም። ለአንባቢው የታየው ቀላል ማሟያ በቆጠራ ብቻ ውድቅ ሆነ ማለት ነው።

የተከተለው ነገር ደግሞ ትርጉሙን ሊገለብጠው ይችላል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያው በመጨረሻ ስለሚገኝ «አልወሰደም ያሉት ሐሰት ነው» ወይም «አልወሰደም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን ወስዷል» ሊል ይችላል። «አልወሰደ እንደሆነ ንገሪኝ» ቢል ደግሞ ቃሉ ዜና መሆኑ ቀርቶ ሁኔታ ይሆናል። «ም» ብቻ ጨምሮ በሠንጠረዡ ላይ «ታማሚው መድኃኒት አቋርጧል» ብሎ የሞላ ሰው የመዘገበው የላኪውን ቃል ሳይሆን የራሱን ግምት ነው። በኋላ የሚመጣው ተመራማሪም ሁለቱን የሚለይበት መንገድ አይኖረውም።

ይህ ሲባል ግን ቁራጩ ባዶ ነው ማለት አይደለም። የግእዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ ስለሚይዝ የመጨረሻው ፊደል ብዙ ይናገራል። «አልወሰደ» በግእዙ «ደ» ስለሚያበቃ ባለቤቱ «እሱ» ወይም «እሷ» ነው። «አልወሰድኩም»፣ «አልወሰድክም»፣ «አልወሰድሽም» እና «አልወሰድንም» ሳድሱን «ድ» ይፈልጋሉ፤ «አልወሰዱም» ካዕቡን «ዱ»፣ «አልወሰዳችሁም» ራብዑን «ዳ» ይፈልጋሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚወስደው ላኪው ራሱ አይደለም፤ ተቀባዩም አይደለም፤ «እሳቸው» ተብሎ በአንቱታ የሚጠራ ሰውም አይደለም። በዚያው መልእክት ውስጥ ዶክተሩ «አዝዘው ነበር» በሚል አክብሮት መጠራታቸው የመጨረሻውን ነጥብ ያጠናክረዋል። መልእክቱን የጣለ አጥኚ ይህን ሁሉ አብሮ ይጥላል፤ «ም» የጨመረ አጥኚ ደግሞ ክፍት የነበረውን የጾታ ጥያቄ ሳያውቀው «ወንድ» ብሎ ዘግቶታል።

መጣል ሌላም ጉዳት አለው። ከላይ የሚታየው ጽሑፍ በላቲን ፊደል ቢጻፍ ከ160 ፊደላት በብዙ ስለሚያንስ በአንድ ክፍል ይሄድ ነበር፤ በዚያ ቦታ ላይ ሊሰነጠቅም አይችልም ነበር። የመሰንጠቅ አደጋ የሚበዛው በግእዝ ፊደል በሚጽፉ፣ ረዘም ያለ መልእክት በሚልኩና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው። ስለዚህ ቁራጮችን የማስወገድ ደንብ እነዚህን ሰዎች ከሌሎቹ አብልጦ ከናሙናው ይቀንሳቸዋል። በጥናቱ ዘዴ ምዕራፍ ላይ «ያልተሟሉ መልእክቶች ተወግደዋል» የሚለው አንድ መስመር ይህን አድልዎ አይገልጠውም።

መቆረጡ በፊደሉ በራሱ ውስጥ ሲደርስም መርሑ አይለወጥም። የመልእክት ስብስብ በኢንተርኔት ሲተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰፍረው በ`UTF-8` ነው፤ በዚህ አሠራር አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የ«ደ» ባይቶች `E1 8B B0` ናቸው። መስመሩ ከሁለተኛው ባይት በኋላ ቢቋረጥ የሚቀረው `E1 8B` ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞችም ይህን በመተኪያ ምልክቱ `U+FFFD` ይለውጡታል ወይም ያስወግዱታል። ሆኖም ሁለቱ ባይቶች የጠፋው ፊደል በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ከ`U+12C0` እስከ `U+12FF` ባሉት 64 ቦታዎች ውስጥ እንደነበረ ይመሰክራሉ፤ ወ፣ ዘ፣ የ እና ደ ከነቤተሰቦቻቸው በዚያ ይገኛሉ። ከ«አልወሰ» ቀጥሎ ከእነዚህ መካከል የሚስማማው የ«ደ» ቤተሰብ ስለሆነ ተነባቢው ይታወቃል። ከ«ደ»፣ «ዱ»፣ «ዳ» እና «ድ» የትኛው እንደነበረ የሚለየው ግን የጠፋው ሦስተኛው ባይት ነው፤ ከእርሱም ጋር የግሡ ባለቤት ጠፍቷል። ስለዚህ ጥሬው ባይት ሳይነካ መቀመጥ አለበት።

የጥንታዊ ጽሑፎች አጥኚዎች ለተመሳሳይ ችግር ቀድመው መፍትሔ አበጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1931 በላይደን ከተማ የተነደፈው የምልክቶች ስምምነት በድንጋይ ወይም በፓፒረስ ላይ የጠፋውን በካሬ ቅንፍ፣ ርዝራዡ ብቻ የሚታየውን ፊደል ከሥሩ በሚቀመጥ ነጥብ ይለያል። የተረፉት ሁለት ባይቶች ከዚህ ርዝራዥ ጋር ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ የድንጋይ አጥኚ የጉድለቱን ስፋት በዓይኑ ሲለካ የመልእክት አጥኚ ከራስጌው ማስላት ያለበት መሆኑ ነው። ለጽሑፍ ምልከታ በሰፊው የሚሠራበት የ`TEI` ሥርዓት ለዚህ የሚሆን ምልክት አለው። ምሳሌው እንዲህ ይመዘገባል፦

```xml
አልወሰደ<gap reason="lost" unit="chars"
  atLeast="4" atMost="67"/>
```

ተመራማሪው የጎደለውን መገመት አይከለከልም። ግምቱ ግን ከምንጩ በተለየ ንብርብር፣ `<supplied>` በሚለው ምልክት ውስጥ፣ የእርግጠኝነቱ ደረጃ ተገልጾ መቀመጥ አለበት። ላኪው ፈቃደኛ ሆኖ ሙሉውን ጽሑፍ ከራሱ ስልክ ቢሰጥም ያ ከግምት የላቀ ቢሆንም ሁለተኛ ምንጭ ነው። ተቀባዩ ያነበበውና መልስ የሰጠበት ቁራጩን ስለሆነ በሁለቱ ሰዎች መካከል የሆነውን ለመረዳት ሁለቱም ጎን ለጎን ያስፈልጋሉ።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ራስጌው ሁልጊዜ አይገኝም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ከስክሪን በፎቶ የተነሣ ወይም ወደ ሠንጠረዥ የተገለበጠ መልእክት ራስጌ የለውም። ያን ጊዜ የሚቀረው ምልክት ርዝመቱ ነው። በግእዝ የተጻፈ መልእክት ከቃል መካከል ላይ ቆሞ ርዝመቱ ልክ 67 ወይም 134 ከሆነ መቆረጡ በጣም ያስጠረጥራል። በ41ኛው ፊደል ላይ የቆመ ግን ጸሐፊው ራሱ የተወው ወይም ሳይጨርስ የላከው ሊሆን ይችላል። በሦስት ነጥብ የሚያበቃውም ብዙውን ጊዜ በፈቃድ የተተወ ንግግር ነው። የልጆችን ንግግር ለማጥናት የተሠራው `CHAT` የተባለው የምዝገባ ሥርዓት በራሱ የሚተወውን ንግግር በ`+...`፣ በሌላ የሚቋረጠውን በ`+/.` የሚለየው ሁለቱ አንድ ባለመሆናቸው ነው። ርዝመቱም ካልረዳ መዝገቡ «መንስኤው አልታወቀም» ሊል ይገባል።

ከዚህ የሚከተለው የሥራ ደንብ አጭር ነው። መልእክት ሲሰበሰብ ጥሬው ባይትና ራስጌው አብረው ይቀመጡ፤ ቁራጩ በነበረበት ፊደል ላይ ይቁም፤ የጉድለቱ ወሰንና የታወቀበት ማስረጃ ይጻፍ፤ ማሟያ ካለ ከምንጩ ተለይቶ ይቀመጥ። የትንተና ሠንጠረዡም በ«ወሰደ» እና «አልወሰደም» መካከል ሦስተኛ ሣጥን ይኑረው፤ ከላይ ያለው መልእክት የሚገባው እዚያ ነው።