የቱናው ዘይት የዓሣው አይደለም

የቱና ጣሳ ሲከፈት አንድ ምክር አይጠፋም፤ «ዘይቱን እንዳትደፉት፣ ኦሜጋው ያለው እሱ ውስጥ ነው» ይባላል። ስለዚህ ዳቦው በዘይቱ ይታሻል፣ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና ቃሪያው በዘይቱ ይለወሳል፣ ለልጆችም ለአእምሮ ይጠቅማል ተብሎ ይጨመርላቸዋል። በውሃ የታሸገው ግን ክብደት ለመቀነስ ለሚታገል ሰው የተተወ፣ ፍሬ ነገሩ የተጠለለ ምግብ ተደርጎ ይታያል። በጾም ዓሣ የሚበሉ ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ ይህ እምነት የበለጠ ይጠነክራል፤ ሥጋና ወተት በቀረበት ወቅት ዘይቱ ጉልበት የሚተካ ይመስላል። እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ።

ጣሳው ውስጥ የሚያብረቀርቀው ዘይት ከዓሣው አልወጣም። ፋብሪካው የጨመረው የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ነው፤ ዋጋው ወደድ ባለው ጣሳ ላይ ደግሞ የወይራ። አብዛኛው ቱና ሲታሸግ ሁለት ጊዜ ይበስላል። በረዶ ሆኖ የመጣው ዓሣ እንዲቀልጥ ተደርጎ ሆድቃው ከወጣ በኋላ መጀመሪያ በእንፋሎት ይበስላል፤ ያን ጊዜ ከሥጋው ውሃና ከራሱ ስብ የተወሰነው ይንጠባጠባል። ከዚያ ቆዳው፣ አጥንቱና ጥቁሩ ሥጋ ይለያል። የቀረው ሥጋ ጣሳ ውስጥ ገብቶ ጨውና ውሃ፣ ወይም ጨውና ዘይት ይጨመርበታል። ጣሳው ተዘግቶ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት እንደገና ይበስላል። ዘይቱ የሚገባው እንግዲህ ዓሣው ከራሱ ስብ ከፊሉን ካጣ በኋላ ነው።

የሱፍ ዘይት ደግሞ ኦሜጋ 3 የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በብዛት ያለው ኦሜጋ 6 ነው። የአኩሪ አተር ዘይት ጥቂት ኦሜጋ 3 አለው፤ ነገር ግን የዕፅዋቱ ዓይነት ነው። ሰው ዓሣ የሚበላላቸው ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚባሉት ሁለቱ ናቸው፤ ሰውነታችን የዕፅዋቱን ኦሜጋ ወደ እነዚህ የሚለውጠው በጣም በጥቂቱ ነው።

አንድ የተለመደ ጣሳ እንውሰድ። መለያው ላይ የተጣራ ክብደት 185 ግራም፣ ፈሳሹ ሲጠለል 130 ግራም ይላል። ውስጡ ያለው ስኪፕጃክ ነው፤ ትንሹ፣ ርካሹና በየሱቁ በብዛት የሚገኘው የቱና ዘር። ስኪፕጃክ ሲፈጥረው ስቡ በጣም ጥቂት የሆነ ዓሣ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሰንጠረዥ እንደሚያሳየው በውሃ ታሽጎ የተጠለለ እንዲህ ያለ ቱና በ100 ግራም 1 ግራም ያህል ስብ ብቻ አለው። በዘይት ታሽጎ የተጠለለው 8 ግራም ያህል አለው። ስለዚህ ከጣሳችን ዘይቱን እስከ ጠብታው ብናጠልል እንኳ ሥጋው 10 ግራም ያህል ስብ ይዞ ይቀራል፤ በውሃ የታሸገው ከ1 ግራም ብዙም አይዘልም። ያልተጠለለው ዘይት 40 ግራም ቢሆን ብቻውን 360 ካሎሪ ነው፤ ይህ ከሥጋው ካሎሪ ይበልጣል።

ስቡ ጨመረ፤ ኦሜጋውስ? በዚያው ሰንጠረዥ በዘይት የታሸገው ሲጠለል በ100 ግራም 130 ሚሊግራም ያህል ኢፒኤና ዲኤችኤ ሲኖረው፣ በውሃ የታሸገው ከ220 ሚሊግራም በላይ አለው። ወደ ጣሳችን ስንመልሰው የዘይቱ 170 ገደማ፣ የውሃው 290 ገደማ ይሆናል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለአዋቂ በቀን ይበቃል የሚለው 250 ሚሊግራም ነው። አንዱ ጣሳ የቀኑን ሞላ፤ ባለ ስሙ ጣሳ አልሞላም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ስብ በስብ ይሟሟል፣ በውሃ ግን አይሟሟም። ጣሳው በሙቀት ሲበስል፣ ከዚያም መደርደሪያ ላይ ወራት ሲቀመጥ፣ የዓሣው ስብ ወደ ዘይቱ ይወጣል፣ ዘይቱም ወደ ሥጋው ይገባል። ስናጠልለው የወጣው ኦሜጋ ከዘይቱ ጋር ይሄዳል። ውሃ ግን ይህን ስብ ይዞት ሊሄድ አይችልም፤ ቢደፋም ኦሜጋው ከሥጋው ጋር ይቀራል።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ኦሜጋው ዘይቱ ውስጥ ነው ያልነው እውነት ሆነ» የሚል ይኖራል። ግማሽ እውነት ነው፤ ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው። ዘይቱ ኦሜጋውን ከዓሣው ወሰደ እንጂ አልጨመረም። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ጠጥተን ብንጨርስ የምናስመልሰው ዓሣው መጀመሪያ የነበረውን ነው፤ በላዩ ላይ ብዙ ማንኪያ የሱፍ ዘይት ተጨምሮ። ጣዕሙን የወደደ ሰው ደግሞ በውሃ የታሸገውን ጠልሎ አንድ ማንኪያ የፈለገውን ዘይት ያፍስበት። ስንት እንደጨመረ ያውቃል፣ የዓሣውንም ኦሜጋ አያጣም።

ሶዲየም ላይም ተመሳሳይ ስህተት አለ። ብዙ ሰው ጨው ያለው ብራይን የተባለው የጨው ውሃ ውስጥ ብቻ ይመስለዋል፤ ደም ብዛት ያለባቸው ሰዎችም ይህን ሸሽተው ወደ ዘይቱ ይሄዳሉ። ጨው ግን በዘይት ለታሸገውም ይጨመራል፤ ዘይት ውስጥ ስለማይሟሟ ሲጠለል አብሮ አይወጣም፣ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። የጨው ውሃው ሲደፋ ግን ከጨዉ የተወሰነው አብሮ ይደፋል። ሰንጠረዡ ላይ በዘይት የታሸገው ሲጠለል በ100 ግራም 400 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም አለው፤ ከውሃው አያንስም። «በውሃ» የሚለው ጽሑፍም ጨው የለውም ማለት አይደለም። ጨው ያልተጨመረበት መሆኑ በግልጽ የተጻፈበት ጣሳ ብቻ ነው ወደ 50 ሚሊግራም የሚወርደው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2000 በታች ነውና ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መለያው ሶዲየምን ትቶ ጨው ብቻ በግራም ከጻፈ በ400 ማባዛት ነው፤ 1 ግራም ጨው 400 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ይሆናል።

ዘይት ወይስ ውሃ ከሚለው ጥያቄ በፊት ግን የዓሣው ስም መጠየቅ ነበረበት። ነጭ ቱና እየተባለ የሚሸጠው አልባኮር በተፈጥሮው ሰባ ያለ ነው። በውሃ ታሽጎ ሲጠለል በ100 ግራም ከ800 ሚሊግራም በላይ ኢፒኤና ዲኤችኤ አለው፤ በዘይት ሲታሸግ ግን ወደ 240 ይወርዳል። ከሁለቱ ዓሣዎች ኦሜጋው የበዛው ዘይት ሲነካው ይህን ያህል መውረዱ፣ ለእኔ ክርክሩን ይዘጋዋል። ሜርኩሪ የሚያነሱ ሰዎች ልክ ናቸው፤ አልባኮር ከስኪፕጃክ ሦስት እጥፍ ያህል ሜርኩሪ ስላለው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ነፍሰ ጡሮች በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይበሉት ይመክራል። ይህ ግን አልባኮርን በልክ ለመብላት ምክንያት ነው፤ ስኪፕጃክን በዘይት ለመግዛት አይደለም።

ስለዚህ ጣሳውን አንስቶ ማገላበጥ ነው። የዓሣው ዘር፣ የሚጠለለው ክብደትና የሶዲየሙ መጠን ካልተጻፈበት ወደ መደርደሪያው ይመለስ። ሦስቱም ተጽፈው ከፊት ለፊቱ «በሱፍ ዘይት» የሚል ካለበት፣ ለኦሜጋ ብሎ እሱን የሚመርጥ ሰው የሚከፍለው ለሱፍ ዘይት ነው፤ ያንን ደግሞ ከዚያው ሱቅ በሊትር ይገዛዋል።