«እሱ ነው» ከማለታችሁ በፊት

በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ፊልም ያየ ብዙ ሰው የሰማው የፍሬዲ መርኩሪን ድምፅ ብቻ ይመስለዋል። አንዳንድ ቦታ ላይ ግን የዘፈነው ካናዳዊው ማርክ ማርቴል ነው። የእሱ ድካም በሌላ ሰው ስም ይጨበጨብለታል።

«እዚያ ከፍታ ላይ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው» የሚለው ክርክር ደካማ ነው። ማርቴልም ይወጣዋል። የድምፅ ስፋት፣ የማይደርስበትን ሰው ለማስወጣት እንጂ የሚደርስበትን ለመለየት አይበቃም።

ቫይብሬቶ፣ ማለትም የድምፁ መርገብገብ፣ የተሻለ ምስክር ነው። በ2016 የታተመ ጥናት የመርኩሪ ድምፅ በሰከንድ 7 ጊዜ ያህል እንደሚርገበገብ ለክቷል፤ አብዛኞቹ ዘፋኞች ከዚህ ዝግ ይላሉ። ሦስት ሰከንድ ያህል የተሳበ ድምፅ ፈልጉ፤ ፍጥነቱን ወደ ሩብ ቀንሳችሁ ቁጠሩ። 21 አካባቢ ከመጣ የእሱን ይመስላል። ካሴቱ ሲጫወት ፈጥኖ የሚሄድ ከሆነ ግን ቁጥሩም አብሮ ይጨምራል።

የሚያሳስተው የስንኝ አያያዙ ነው። አስመሳይ ዘፈኑን የሚያጠናው ከአልበሙ ስለሆነ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ ሳይቀር ይደግማል። መርኩሪ ራሱ ግን መድረክ ላይ ከፍ ያሉትን ኖታዎች ብዙ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ይዘፍን ነበር። ስለዚህ «የኮንሰርት ቅጂ ነው» የተባለ ዘፈን ከአልበሙ ጋር አንድ ለአንድ ሲገጥም ማመን ሳይሆን መጠርጠር ይገባል።

ቫይብሬቶውና የስንኝ አያያዙ ካልተስማሙ «ይመስላል» ማለት ይበቃል።